ፓስወርዱ ልክ ሆኖ ሎጊን ገጹ ላይ መልሶ መላልሶ ሚያስቀምጣችሁ ለምንድነው?

ፓስወርድ ትጽፋላችሁ፣ «ግባ» ሚለውን ትጫናላችሁ፣ ገጹ ትንሽ ይዞራል፣ ከዛ ያው ሎጊን ገጽ ባዶውን ተመልሶ ይመጣል። ተሳስታችኋል አይል፣ ቀይ ጽሁፍ የለ፣ ምንም የለ። እንደገና ትጽፋላችሁ፣ እንደገና ይመልሳችኋል። ወይ ደግሞ ያስገባችሁና ሁለተኛውን ገጽ ስትከፍቱ አውጥቶ ይጥላችኋል። ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ የሆነ ፎርም ኦንላይን ለመሙላት ተራ የጠበቀ ሰው ይሄን ነገር ሳያየው አይቀርም። አብዛኛው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ግን ኔትወርክ ቢሆን ገጹ ራሱ አይከፈትም ነበር። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ኩኪ ሚባለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ፓስወርዱ ተሳስቶ ቢሆንስ?

ፓስወርድ ሲሳሳት ሳይቱ ይናገራል። «የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም» ዓይነት ነገር ይጽፋል፣ እሱ ካለ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። እዚህ ማወራው ግን ምንም ሳይል ዝም ብሎ ስለሚመልሰው ነው። ዝም ብሎ ከመለሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፓስወርዱን ተቀብሎታል፣ እናንተን ተቀብሎ ከሰከንድ በኋላ ነው የረሳችሁ።

ይሄን መለየት ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ፣ ሰው በዚህ ሰዓት ሚያደርገው ነገር ሁሉ ነገሩን ሚያባብስ ነው። ፓስወርድ ይቀይራል፣ ከዛ አዲሱም ያው ይሆንበታል፣ ከዛ በብስጭት ደጋግሞ ሲሞክር አንዳንድ ሳይት አካውንቱን ለተወሰነ ሰዓት ይቆልፈዋል፣ አሁን ችግሩ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ሳይቱ ለምን ይረሳል? ኩኪስ ምንድነው?

ድረ ገጽ በተፈጥሮው ማስታወስ አይችልም። አንድ ገጽ ስትከፍቱ ብሮውዘሩ ሰርቨሩን፣ ማለትም ሳይቱ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ አለቀ። ቀጣዩን ገጽ ስትጠይቁ ለሰርቨሩ አዲስ ሰው ናችሁ፣ ከደቂቃ በፊት ፓስወርድ ያስገባው ሰው እናንተ መሆናችሁን ሚያውቅበት ነገር የለውም።

ሆስፒታል እንደሚሰጠው ካርድ አስቡት። ካርድ ክፍል አንዴ ትመዘገባላችሁ፣ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጣችኋል፣ ከዛ በኋላ ሀኪሙም ላብራቶሪውም ፋርማሲውም ማንነታችሁን ከስር አይጠይቁም፣ ካርዱን አይተው ፋይላችሁን ያወጣሉ። ካርድ ከሌላችሁ ግን ሀኪሙ ምንም ቢያውቃችሁ «ካርድ ክፍል ሂዱ» ነው ሚለው። ኩኪ ያ ካርድ ነው። በ1994 ኔትስኬፕ ውስጥ ይሰራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ፕሮግራመር ነው ለብሮውዘር ያመጣው፣ እስካሁንም ሎጊን በአብዛኛው የሚሰራው በሱ ነው።

ፓስወርዳችሁ ልክ ሲሆን ሰርቨሩ ከመልሱ ጋር እንዲህ ያለች አጭር መስመር ይልካል፦

```
Set-Cookie: sid=8f2c91; Path=/; Secure; HttpOnly; Max-Age=7200
```

ትርጉሙ «ቁጥርህ 8f2c91 ነው፣ ለሁለት ሰዓት ያዘው» ማለት ነው፣ 7200 በሰከንድ ነው። ብሮውዘሩ ይሄን አስቀምጦ ወደዛ ሳይት በሄደ ቁጥር ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ፓስወርዱ ራሱ ኩኪው ውስጥ መቀመጥ የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ስለዚህም ነው ኩኪ መጥፋቱ ፓስወርድ መጥፋት ያልሆነው።

ታዲያ ዙሩ ከየት ይመጣል?

ከገጾቹ ብልጥነት ነው እንበል። የውስጡ ገጽ ካርድ ይጠይቃል፣ ከሌላችሁ ወደ ሎጊን ይልካችኋል። ሎጊኑ ፓስወርዱን አይቶ ካርድ ይሰጥና ወደ ውስጡ ገጽ ይልካችኋል። መሀል ላይ ብሮውዘሩ ካርዱን ካልያዘው፣ ወይ ይዞት የተሳሳተ ካርድ ካሳየ፣ የውስጡ ገጽ መልሶ ወደ ሎጊን። ሁለቱም ገጾች ስራቸውን በትክክል እየሰሩ ነው፣ ለዛ ነው ማንም ስህተት ብሎ ማይጽፈው።

አንዳንድ ሳይት ላይ ደግሞ ፓስወርድ እንኳን ሳይጠየቅ ራሱ በራሱ ይዞራል፣ ያኔ ክሮም 20 ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ ይተወውና `ERR_TOO_MANY_REDIRECTS` ሚል ገጽ ያወጣል። ይሄም ያው በሽታ ነው፣ ፍጥነቱ ነው ሚለየው።

ኩኪው ተከልክሎ ነው ወይስ የቆየ ኩኪ ተበላሽቶ? እንዴት ይለያል?

አንድ ሙከራ አለች፣ ኢንኮግኒቶ። ክሮም ላይ Ctrl+Shift+N ተጫኑና እዛው ሳይት ላይ ግቡ። ኢንኮግኒቶ ሲከፈት ምንም የቆየ ኩኪ የለውም፣ ኤክስቴንሽኖችም እናንተ ካልፈቀዳችሁ አይሰሩም። እዛ ከሰራ፣ ጥፋቱ ዋናው ብሮውዘር ውስጥ የቀረ አሮጌ ኩኪ ነው ወይ ደግሞ ማስታወቂያ ሚከለክል ኤክስቴንሽን። እዛም ካልሰራ ኩኪ በሴቲንግ ተዘግቷል ወይ ችግሩ ሳይቱ ጋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አላት ይቺ ሙከራ። ኢንኮግኒቶ የሌላ ሳይት ኩኪን፣ ማለትም አድራሻው ላይ ካለው ሳይት ውጪ የሆነ ሌላ ሳይት በገጹ ውስጥ ሆኖ ሚያስቀምጠውን፣ በራሱ ይከለክላል። ስለዚህ ሎጊኑ በገጹ ውስጥ በትንሽ ሳጥን የሚመጣና ሳጥኑ የሌላ ድርጅት የሆነ ሳይት ከሆነ፣ ዋናው ላይ እየሰራ ኢንኮግኒቶ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። አይፎን ላይ ያለው ሳፋሪ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ይሄን ዓይነቱን ኩኪ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት በራሱ ነው ሚዘጋው።

ተዘግቶ ከሆነ ለማየት አድራሻ መጻፊያው ላይ ይሄን ጻፉ፦

```
chrome://settings/content/siteData
```

ሶስት ምርጫ ታገኛላችሁ፦ ሳይቶች ዳታ ያስቀምጡ፣ ሁሉንም መስኮት ስዘጋ ይጥፋ፣ ጭራሽ አያስቀምጡ። ሶስተኛው ላይ ከሆነ መልሱ ተገኘ፣ የትም አትገቡም። ከታች ደግሞ ለየብቻቸው የተከለከሉ ሳይቶች ዝርዝር አለ፣ አንዳንዴ የፈለጋችሁት ሳይት ማን እንደከተተው ሳይታወቅ እዛ ተቀምጦ ይገኛል።

አሮጌ ኩኪ እንዴት ነው አዲሱን ሚያሸንፈው?

እኔን ሚገርመኝ ይሄኛው ነው፣ ብዙ ሰውም ማያውቀው እሱን ነው፣ ስለዚህ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ።

ደሴ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ቤት፣ አንድ ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው መጥተው የሆነ መስሪያ ቤት ፖርታል ላይ ሊገቡ ነው። ልጅቷ ትጽፋለች፣ ይመልሳታል፣ ትጽፋለች፣ ይመልሳታል።

«ጋሼ፣ ፓስወርዱን ተሳስተው እንዳይሆን?»

«ኧረ ልጄ፣ ማታ በስልኬ ገብቼበታለሁ፣ ይኸው እይው» ብለው ስልካቸውን አወጡ፣ እውነትም በዛው ፓስወርድ ገባላቸው። ኢንኮግኒቶ ላይም ገባ። ያ ክሮም ላይ ብቻ ነው እምቢ ያለው።

F12 ተጭኖ Application ሚለው ታብ ውስጥ Cookies ሲከፈት ነገሩ ታየ። `sid` ሚባለው ኩኪ ሁለት ቦታ ተጽፏል፣ ስማቸው አንድ፣ ቁጥራቸው የተለያየ። የሳይቱን ስም example.com እንበለውና፣ አንደኛው Domain ሚለው ስር `.example.com` ይላል፣ ሁለተኛው `portal.example.com`። ለሰው ዓይን አንድ ናቸው፣ ለብሮውዘር ግን ሁለት የተለያዩ ኩኪዎች ናቸው፣ ምክንያቱም ብሮውዘር ኩኪን ሚለየው በስሙ ብቻ ሳይሆን በስሙ፣ በዶሜኑና በፓዙ፣ ማለትም አድራሻው ውስጥ ኩኪው በሚሰራበት ክፍል፣ ነው። ከሶስቱ አንዱ ከተለየ አዲሱ አሮጌውን አይተካውም፣ ጎኑ ይቀመጣል።

የመጣበትም መንገድ ግልጽ ነው። ፖርታሉ ድሮ ኩኪውን ለጠቅላላው ዶሜን ነበር ሚሰጠው፣ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ አርጎ። ከዛ ሲስተሙ ሲታደስ ለፖርታሉ ብቻ መስጠት ጀመረ። በመሀል ያ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ደንበኛ ከወራት በፊት የገባበት ኩኪ ቀርቷል፣ ሰርቨሩ ጋ ያ ቁጥር ከሞተ ቆይቷል፣ ብሮውዘሩ ግን ጊዜው አላለፈም ብሎ ይዞታል። አሁን ጋሼ ሲገቡ ብሮውዘሩ ሁለቱንም ይልካል፦

```
Cookie: sid=a11b07; sid=8f2c91
```

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ብሮውዘር ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሲልክ ረጅም ፓዝ ያለውን ያስቀድማል፣ ፓዛቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የተፈጠረውን። ስለዚህ አሮጌው ፊት ይሄዳል። ብዙ ሰርቨር ደግሞ የመጀመሪያውን አንብቦ ሌላውን ይተወዋል። ሁለት ካርድ ይዛችሁ ስትገቡ ላይ ያለውን የሞተውን ካርድ አይቶ «ይሄ ፋይል የለም፣ ካርድ ክፍል ሂዱ» እንደሚል ሰው ነው፣ ትክክለኛው ካርድ ከስሩ አለ፣ ማንም አያየውም። አንድ ሺ ጊዜ ብትገቡ ሚታደሰው ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያው ንክች አይልም። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ማብራትም ለዚህ ነው ማይጠቅመው።

የጋሼ ጉዳይ በጥቂት ክሊክ አለቀ። አድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ተጭኖ Cookies and site data፣ ከዛ Manage on-device site data፣ እዛ ከሳይቱ ስም አጠገብ ያለችው የቆሻሻ ቅርጫት፣ ገጹን ሪፍሬሽ፣ ሎጊን፣ ገባ። ዝርዝሩ ውስጥ የሳይቱ ስም በተለያየ አጻጻፍ ሁለት ሶስት ቦታ ካለ ሁሉንም አጥፉ፣ አንዱን ትታችሁ ሌላውን ብታጠፉ ምናልባት ያጠፋችሁት ጤነኛው ሊሆን ይችላል።

እኔ ኩኪ ክሊር አርጌ ነበር፣ አልሰራም እኮ?

Ctrl+Shift+Delete ተጫናችሁ፣ የመጣውን መስኮት ሳታነቡ ሰማያዊውን ቁልፍ ተጫናችሁ፣ አይደል? እዛ መስኮት ላይ የጊዜ ምርጫ አለ፣ ብዙ ጊዜ «ያለፈው አንድ ሰዓት» ላይ ሆኖ ነው ሚከፈተው። ክሮም ኩኪ ሚያጠፋው በተፈጠረበት ሰዓት ነው። አሮጌው ኩኪ የተፈጠረው ከወራት በፊት ከሆነ የአንድ ሰዓት ማጥፊያ አይደርስበትም፣ ሚያጠፋው አሁን የተሰጣችሁን አዲሱን ብቻ ነው። ክሊር አርጋችሁ፣ ትክክለኛውን ጥላችሁ የሞተውን አስቀራችሁ ማለት ነው።

«All time» ላይ አርጋችሁ ብታጠፉ ይሰራል፣ ግን ከሁሉም ሳይት ያስወጣችኋል። ኢሜይሉም ፌስቡኩም ሁሉም እንደገና ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ፓስወርዱን ማታስታውሱት ካለ እዛው ሌላ ችግር ተወለደ። ለአንድ ሳይት ሲባል ሁሉን ማጥፋት አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ የዛን ሳይት ብቻ።

ቀን ሙሉ ይሰራል፣ ብሮውዘሩን ስዘጋ ነው ሚያስወጣኝ

ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ኩኪው ይያዛል፣ ግን ዲስክ ላይ አይቀመጥም ወይ ሲዘጋ ይጠፋል። ቅድም ካየነው ሶስት ምርጫ ሁለተኛው ላይ ከሆነ ይሄን ያመጣል። የኮምፒውተር ቤት ማሽን ከሆነ ባለቤቱ አስቦበት ያረገው ነው፣ አትቀይሩት፣ ከናንተ ቀጥሎ ሚቀመጠው ሰው አካውንታችሁ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የራሳችሁ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ቀይሩት። ክሊነር ሚባሉት ፕሮግራሞችም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ኩኪ እንዲጠርጉ ተደርገው ሊጫኑ ይችላሉ፣ እሱንም እዩ።

ሴቲንጉ ጤነኛ ሆኖ ግን ከአንድ ሳይት ሳይሆን ከሁሉም ሳይት በየቀኑ ሚያስወጣችሁ ከሆነ፣ የኩኪው ፋይል ራሱ መበላሸቱን ጠርጥሩ። ክሮም የሁሉንም ሳይት ኩኪ አንድ `Cookies` ሚባል ፋይል ውስጥ ነው ሚያጠራቅመው። ዊንዶውስ ላይ ቦታው ይሄ ነው፦

```
%LOCALAPPDATA%\Google\Chrome\User Data\Default\Network
```

ፋይሉ እየተጻፈ መሀል ላይ መብራት እልም ሲል፣ በተለይ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕና ያረጀ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሊበላሽ ይችላል። ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ሲሞላም ሚጻፍበት ቦታ ስለማይኖር ያው ውጤት ይመጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ መኖሩን እዩ። ቦታ ካለ፣ ክሮምን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ያን ፎልደር ክፈቱ፣ `Cookies` ሚለውን ስሙን `Cookies.old` በሉት፣ ክሮምን ክፈቱ። አዲስ ፋይል ራሱ ይፈጥራል። ከሁሉም ሳይት አንዴ ያስወጣችኋል፣ ሴቭ ያረጋችሁት ፓስወርድና ቡክማርክ ግን ሌላ ፋይል ላይ ስለሆነ አይነካም።

አንዲት የኛ ሀገር ነገር ደግሞ አለች፣ ሰዓት። አንዳንድ ሰው የኮምፒውተሩን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ይሞላዋል፣ ጠዋት 8:00 መሆን ያለበትን 2:00 ያረገዋል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ገባችሁ እንበል፣ ብሮውዘሩ የሁለት ሰዓቱን ኩኪ «4:00 ላይ ያበቃል» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን ራሱ አስተካክሎ 8:00 አረገው። 4:00 አልፏል፣ ኩኪው ተጣለ፣ እናንተም ወጣችሁ። ዓመቱን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላችሁት ሎጊን ጋም አትደርሱም፣ ክሮም «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ዓይነት ገጽ አውጥቶ በሩ ላይ ነው ሚያስቆማችሁ። መፍትሄው ሰዓቱን አውቶማቲክ ላይ አርጎ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ ማድረግ ነው፣ ከኛ ጋር እኩል ነው።

ስልክ ላይስ?

ስልክ ላይ በብዛት ማየው ከቴሌግራም ወይ ከፌስቡክ ሊንክ ተከፍቶ ሚመጣው ነው። ሊንኩን ስትነኩ ብዙ ጊዜ ሚከፈተው እዛው አፑ ውስጥ ባለ ብሮውዘር ነው፣ የራሱ ኩኪ ማስቀመጫ አለው፣ ክሮም ላይ የገባችሁትን አያውቅም። እዛ ትመዘገባላችሁ፣ ማረጋገጫ ኢሜይል ይመጣል፣ ኢሜይሉ ላይ ያለውን ስትነኩ በክሮም ይከፈታል፣ ክሮም ደግሞ ኩኪ የለውም፣ «ግባ» ይላል። ምንም አልተበላሸም፣ ሁለት ቦታ ናችሁ። ከጫፍ ላይ ሶስቷን ነጥብ ነክታችሁ በብሮውዘር ክፈት ሚለውን መርጣችሁ ከመጀመሪያው አንድ ቦታ ላይ ጀምሩ።

ሁሉንም አረግኩ፣ አሁንም ያስወጣኛል

ገብታችሁ ሳትነኩት ሀያ ሰላሳ ደቂቃ ስትቆዩ ብቻ ከሆነ ሚያስወጣችሁ፣ እሱ የሳይቱ ህግ ነው፣ ባንክ ነክ ነገሮች ሆን ብለው ያረጉታል። ቪፒኤን ስታበሩና ስታጠፉ፣ ወይ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ስትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ሳይቱ ኩኪውን ከአይፒ አድራሻ ጋር አስሮት ሊሆን ይችላል፣ ኩኪው ደህና ነው ግን ከሌላ ቦታ ስለመጣ አይቀበለውም። ስራችሁን እስክትጨርሱ አንዱ ላይ ቆዩ።

በስልክም፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተርም፣ በኢንኮግኒቶም ያው ከሆነ ግን ብሮውዘራችሁን መነካካት አቁሙ፣ የሳይቱ ባለቤቶች ኩኪውን በተሳሳተ ዶሜን እየሰጡ ነው ወይ ሰርቨራቸው ቁጥሩን እየጣለው ነው፣ እሱን ማስተካከል ሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ስትደውሉ «ሲስተማችሁ አይሰራም» ካላችሁ «ፓስወርድ ቀይር» ነው ሚሏችሁ። ይልቅ እንዲህ በሏቸው፦ ፓስወርዱ ይቀበላል፣ የስህተት ጽሁፍ የለም፣ መልሶ ሎጊን ላይ ያስቀምጠኛል፣ በዚህና በዚህ ብሮውዘር፣ በዚህ ሰዓት፣ የሳይቱን ኩኪ አጥፍቼም ሞክሬዋለሁ። አድራሻው ላይ `www` ሲኖርና ሳይኖር ልዩነት ካለውም ሞክራችሁ ንገሯቸው፣ በአንዱ ሚገባ በሌላው ሚመልስ ከሆነ ባለሙያቸው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፣ እስኪያስተካክሉትም በሚገባው አድራሻ ስራችሁን መጨረስ ትችላላችሁ።